የሳምንት ዙር ቆጠራ፦ ደረት ሲበዛ፣ እግር ሲያንስ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ድሬዳዋ ውስጥ በማሠለጥንበት ጂም ሠልጣኞች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በሳምንት ስንት ዙር እንደተሠራ ቆጥሮ፣ ያነሰውን መጨመርና የበዛውን መቀነስ ነው። ስለ ቃሉ አንድ ነገር ላስቀድም። ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠሩትን ድግግሞሾች ጂም ውስጥ ሁላችንም የምንለው «ሴት» ነው፤ ይሁን እንጂ «በሳምንት 12 ሴት» ብሎ ደብተር ላይ ማስፈር፣ ደብተሩ በባለቤቱ እናት እጅ የገባ ዕለት ማስረዳቱ ስለሚያስቸግር፣ እዚህ «ዙር» የሚለውን መርጫለሁ።

የትኛው ዙር ነው የሚቆጠረው?

የሚቆጠረው ጡንቻውን በእርግጥ የፈተነው ዙር ብቻ ነው። ቤንች በ70 ኪሎ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ በባዶው ብረት፣ ቀጥሎ በ40፣ ከዚያም በ55 ኪሎ ቢያሟሙቅ፣ እነዚህ ሦስቱ ለመገጣጠሚያው ጠቃሚ ቢሆኑም ከቁጥር አይገቡም። ቆጠራው የሚጀምረው በ70 ኪሎ ከተሠራው ከመጀመሪያው ዙር ነው።

መለኪያው ዙሩ ሲያልቅ ስንት ድግግሞሽ ይቀርህ ነበር የሚለው ነው። ብረቱን ወደ ቦታው ስትመልሰው ቢበዛ ሦስት ድግግሞሽ ብቻ ይቀርህ ከነበረ፣ ዙሩ ይቆጠራል። ስምንት ሠርተህ ሌላ ስምንት መድገም ትችል ከነበረ ግን ያ ዙር ማሟሟቂያ እንጂ ሥራ አልነበረም። ለዚህ ዓይን የሚያየው ምልክት አለ፤ ሠልጣኙ ፍጥነቱን ለመጠበቅ እየጣረ ሳለ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች በራሳቸው ዝግ ማለት አለባቸው። ይህ እስከተሟላ ድረስ ዙሩ 6 ድግግሞሽ ይሁን 20፣ ለጡንቻ እድገት ሲባል እንደ አንድ ዙር ይያዛል። በየሳምንቱ 25 ዙር እሠራለሁ የሚሉኝን ሰዎች አጠገባቸው ቆሜ ስቆጥር፣ ብዙ ጊዜ የማገኘው 12 ወይም 13 ነው።

ቤንች ስሠራ ትራይሴፕስም ይሠራል፤ ታዲያ ለማን ልቁጠረው?

ለሁለቱም፣ ነገር ግን በእኩል መጠን አይደለም። ዋናውን ሸክም ለሚሸከመው ክፍል አንድ ሙሉ፣ ለሚያግዘው ደግሞ ግማሽ ይያዛል። በዚህ አሠራር አራት ዙር ቤንች ለደረት 4፣ ለትራይሴፕስ 2፣ ለፊት ትከሻ 2 ሆኖ ይጻፋል። ፑልዳውንና ሮው ለጀርባ ሙሉ፣ ለባይሴፕስ ግማሽ ናቸው። ፍላይ ክርኑ ስለማይታጠፍና ስለማይዘረጋ ለትራይሴፕስ አይቆጠርም።

ግማሹ ቁጥር በሚዛን የተለካ እውነት ሳይሆን ለአያያዝ የሚመች ግምት ነው፤ ሆኖም አጋዡን ጨርሶ ካለመቁጠርም ሆነ እንደ ዋናው ከመቁጠር ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። አንድ ቦታ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ስኳት «እግር» ተብሎ በጅምላ ስለሚጻፍ የኋላ ጭንም አብሮ የተሠራ ይመስላል። የኋላ ጭን ጡንቻ ዳሌንም ጉልበትንም ስለሚሻገር፣ በስኳት ወቅት በአንደኛው ጫፍ ሲያጥር በሌላኛው ይረዝማል፤ ስለዚህ የሚያገኘው ሥራ በጣም ትንሽ ነው። ስኳትን ለፊት ጭንና ለመቀመጫ ቁጠሩት፤ ለኋላ ጭን ግን ሮማኒያን ዴድሊፍት ወይም ሌግ ከርል ያስፈልጋል።

በሳምንት ስንት ዙር ይበቃል?

ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ቀደም ሲል የተሠሩ 15 ጥናቶችን አሰባስበው፣ በሳምንት ከ5 ዙር በታች፣ ከ5 እስከ 9፣ እንዲሁም 10 እና ከዚያ በላይ የሚሠሩትን አነጻጽረዋል። ዙሩ በጨመረ ቁጥር የጡንቻ እድገቱም ጨምሮ ተገኝቷል፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከ5 በታች የሠሩትም ማደጋቸው ነው። በእኔ አሠራር ጀማሪ ለአንድ ክፍል ከ5 እስከ 8 ዙር ይጀምራል፤ ከስድስት ወር በላይ ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ከ10 እስከ 14 አካባቢ ይቆያል፤ ወደ 20 የሚጠጋ ቁጥር የምፈቅደው ለአንድ ወይም ለሁለት ክፍል ብቻ፣ ያውም ለተወሰኑ ሳምንታት ነው። ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ 20 ማድረስ በወረቀት ላይ እንጂ በሰው ገላ ላይ አይሆንም።

በአንድ እውነተኛ ደብተር ላይ ሠርተው ሊያሳዩን ይችላሉ?

ከሳቢያን ሰፈር የሚመጣ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ብረት የገፋ አንድ ሠልጣኝ «ደረቴ ቆሟል» ብሎ መጣ። ቤንቹ ለሦስት ወር ከ70 ኪሎ አልነቃነቅ ብሎታል፤ የግራ ትከሻው የፊት ክፍልም ብረቱን ባወረደ ቁጥር ይወጋዋል። እርሱ የጠየቀኝ ሌላ ምን ዓይነት የደረት እንቅስቃሴ እንደሚጨምር ነበር። እኔ ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ከሰኞ ጀምሮ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት።

የጻፈው እንዲህ ነበር። ሰኞ ቤንች 5 ዙር፣ ኢንክላይን ቤንች 4፣ ፍላይ 4። ማክሰኞ የባርቤል ከርል 4፣ የዳምቤል ከርል 4፣ የትራይሴፕስ ፑሽዳውን 4። ሐሙስ እንደገና ቤንች 5፣ ዲፕስ 4፣ ሾልደር ፕሬስ 4። ዓርብ ፑልዳውን 3፣ ሮው 3። ቅዳሜ ስኳት 3፣ እርሱም ባጃጁን ሥራ ላይ ያላሰማራ እንደሆነ ነው።

ስንደምረው ደረት 22 ሆነ። ትራይሴፕስ ከፑሽዳውን 4፣ ከሁለቱ ቤንቾች፣ ከኢንክላይን፣ ከዲፕስና ከሾልደር ፕሬስ ግማሽ ግማሹ ተይዞ 11፣ በድምሩ 15 ደረሰ። የፊት ትከሻ በቀጥታ 4፣ በአጋዥነት 9፣ በአጠቃላይ 13 ነበር። ባይሴፕስ 8 ከከርል፣ 3 ከጀርባ ሥራ፣ በድምሩ 11። ጀርባ 6 ብቻ፣ የፊት ጭን 3፣ የኋላ ጭንና ባት ደግሞ ዜሮ። መብዛትና ማነስ በአንድ ደብተር ውስጥ፣ በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ከድምሩ ይበልጥ የነገረኝ ግን የቤንቹ ድግግሞሽ ነው። በ70 ኪሎ አምስቱ ዙሮች 8፣ 7፣ 5፣ 4፣ 3 እያሉ ይወርዳሉ፤ ሐሙስ ደግሞ ከ7 ይጀምራሉ። ከሰኞው 13 የደረት ዙር በኋላ ደረቱ ለሐሙስ አልደረሰም ማለት ነው። የሐሙሱ ድካምም ወደሚቀጥለው ሰኞ ይሻገር ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም የደረት ሥራ በግማሽ ቀነስን፤ ክብደቱን ግን አልነካነውም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሰኞ ቤንች 4 እና ኢንክላይን 3፣ ሐሙስ ቤንች 3 እና ፍላይ 2 አደረግን፤ ደረት 12 ሆነ። ዲፕሱን ያወጣነው ትከሻውን ስለሚያባብስ ነው። ከዚህም የተነሣ ትራይሴፕስ ከ15 ወደ 11፣ የፊት ትከሻ ከ13 ወደ 9 ወረዱ፤ ለእነርሱ ለብቻ የተደረገ ነገር ግን አልነበረም።

ጀርባን ወደ 12 ለማድረስ ፑልዳውንና ሮውን ማክሰኞም ዓርብም እያንዳንዳቸውን 3 ዙር አደረግናቸው። እዚህ ላይ ልብ የማይባል ወጥመድ አለ። ጀርባ ከ6 ወደ 12 ሲወጣ ባይሴፕስ በአጋዥነት የሚያገኘው ከ3 ወደ 6 ይወጣል፤ ስለዚህ ከርሉን ከ8 ወደ 5 ካላወረድነው በቀር ባይሴፕስ ሳናስበው 14 ይሆን ነበር። ሠልጣኙ በዚህ አኩርፎ ነበር፤ ቁጥሩ ቀድሞ በነበረበት በ11 ላይ መቆየቱን በጣቱ ቆጥሮ ካረጋገጠ በኋላ ነው የተቀበለኝ።

እግር ላይ ዝግ ብለን ሄድን። ከ3 ዙር ተነሥቶ በአንድ ጊዜ 12 መሥራት ለአራት ቀን ደረጃ መውረድን ያስከለክላል። ስለዚህ ስኳት በመጀመሪያ ማክሰኞ 2 እና ቅዳሜ 3 ሆነ፤ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ዙር እየጨመርን 8 አደረስነው። ሮማኒያን ዴድሊፍትም በሳምንት ከ3 ተነሥቶ 6 ደረሰ።

በዙሮች መካከል የሚያርፍበትን ጊዜ ሆን ብዬ አልለወጥኩም፤ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ቢለወጥ የትኛው እንደሠራ ማወቅ ስለማይቻል ነው። በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ አራቱ የ70 ኪሎ ዙሮች 9፣ 8፣ 7፣ 6 ሆኑ። ድምራቸው 30 ነው፤ በፊት በአምስት ዙር የሚያገኘው ግን 27 ነበር። በቀጣዩ ሰኞ 72.5 ኪሎ ጫነ።

አለመለወጤ ከማነስ ይሁን ከመብዛት እንዴት አውቃለሁ?

ሁለቱም ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ክብደቱ አይጨምርም፣ መስተዋቱም አዲስ ነገር አያሳይም። ልዩነቱ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው። ዙሩ ያነሰበት ሰው በማግስቱ ምንም አይሰማውም፤ እንቅልፉም የምግብ ፍላጎቱም ደህና ነው፤ ድግግሞሹ ከሳምንት ሳምንት ያው ነው እንጂ አይወርድም። ዙሩ የበዛበት ሰው ደግሞ በዚያው ክብደት ድግግሞሹ በተከታታይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቀንሳል፤ የጡንቻው ሕመም ከሦስት ቀን በኋላም አይለቅም፤ ክርን፣ ትከሻና ጉልበት መወጋት ይጀምራሉ፤ ጂም ለመሄድ የነበረው ጉጉትም ይጠፋል።

ጥርጣሬው ካልለቀቀ አንድ ፈተና አለ። ለአንድ ሳምንት የክፍሉን ዙር በግማሽ ቀንሱ፤ ክብደቱን ግን አትቀንሱ። ከሳምንቱ በኋላ በመጀመሪያው ዙር ድግግሞሹ ከወትሮው ከጨመረ፣ ጉልበቱ ቀድሞውኑ ነበረ፤ የሸፈነው ድካም ነው። ስለዚህ ከበፊቱ ባነሰ ቁጥር ቀጥሉ። ምንም ካልተለወጠ፣ ከመጨመራችሁ በፊት ዙሮቹ ከላይ በተገለጸው መለኪያ በእርግጥ የሚቆጠሩ መሆናቸውን መርምሩ፤ ትክክል ከሆኑ በሳምንት ሁለት ዙር ጨምራችሁ ለአራት ሳምንት ተመልከቱ። ይህ ፈተና ለጡንቻ ነው እንጂ ለጉዳት አይደለም፤ እረፍት ላይ እያላችሁም የሚያም መገጣጠሚያ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሥራ ስለሚበዛብኝ የሳምንቱን 12 ዙር በአንድ ቀን ልጨርሰው?

መቁጠሪያው ላይ 12 ይላል፤ ጡንቻው ግን እንደዚያ አይቆጥረውም። ለአንድ ክፍል በአንድ ቀን ከ6 እስከ 8 ዙር በኋላ ድግግሞሹ እየወረደ ስለሚሄድ፣ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ድካም እንጂ ብዙ ጥቅም አይጨምሩም። ሁለት ቀን ስድስት ስድስት ይሻላል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ደግሞ 7 ደህና ዙር ሠርቶ ቢሄድ አይከፋም።

ሥራዬ ጭነት ማውረድ ነው፤ እርሱስ ይቆጠራል?

በገበያ ወይም በመጋዘን ማዳበሪያ ሲያወርድ የሚውል ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ ሁለት ነው። እንደ ዙር አይቆጠርም፤ ሸክሙ እንደ ጆንያው እንጂ እንደ ጡንቻው አቅም የተመጠነ ስላልሆነ፣ አብዛኛውም ጡንቻው ከሚደክምበት መጠን በብዙ ርቆ የሚቆም ስለሆነ ነው። ድካሙ ግን ይቆጠራል፤ በተለይ የታችኛው ጀርባ። እንዲህ ዓይነት ሠልጣኝ ዴድሊፍትን ከ3 እስከ 4 ዙር ገድቦ፣ የኋላ ጭኑን በሌግ ከርል፣ ጀርባውን ደግሞ ደረት ተደግፎ በሚሠራ ሮው ቢሞላ ወገቡ ይተርፍለታል። እግሩን ከባድ ጭነት በሚበዛበት ቀን ማግስት ባይሠራ ይመረጣል።

ሙቀቱ፣ ጾሙና በርጫውስ ቁጥሩን ይለውጡታል?

ይለውጡታል። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሰው፣ ሐረር ላይ በብርድ ከሚሠራው ጓደኛው ጋር ያንኑ ቁጥር ልጨርስ ቢል ትርፉ ላብ ነው። በጠዋቱ 12 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መሥራት የማይችል ሰው፣ በእነዚህ ወራት ከየክፍሉ ሁለት ሦስት ዙር ቢቀንስ አይጎዳም።

በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ዓላማው ያለውን ማቆየት ሊሆን ይችላል። ለማቆየት የሚያስፈልገው ዙር ለማሳደግ ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል፤ በሳምንት 12 ይሠራ የነበረ ሰው በ4 ወይም በ5 ዙር ጡንቻውን ጠብቆ ጾሙን መሻገር ይችላል፤ ቅድመ ሁኔታው ዙሩ ሲቀንስ ብረቱ አብሮ እንዳይቀንስ ነው። ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ብረቱን አቅልለው ዙሩን ያበዛሉ።

ጫትን በተመለከተ ምክር መስጠት ቦታዬ አይደለም፤ የማየውን ብቻ ልናገር። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍንም ያርቃል፤ ጡንቻ ከድካሙ የሚያገግመው ደግሞ በእነዚህ በሁለቱ ነው። ከሰዓቱን ሁሉ በርጫ ላይ አሳልፎ እራት ሳይበላ የሚያድር ሰው 18 ዙር አይሸከምም፤ ችግሩን ከዙር ቁጥር ላይ መፈለጉም ከንቱ ድካም ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚቅም ሠልጣኝ ከባድ የእግር ቀኑን ከበርጫው ማግስት እንዲያርቅ አደርጋለሁ።

ለሦስት ወር አቋርጬ ነበር፤ ከተውኩበት ቁጥር ልጀምር?

አይሆንም። የድሮው ደብተር 14 ዙር ቢልም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለእያንዳንዱ ክፍል ከ4 እስከ 5 ዙር፣ ክብደቱም ከበፊቱ ግማሽ ያህል ይሁን፤ በየሳምንቱ ሁለት ዙር እየጨመራችሁ ከአምስት ሳምንት በኋላ ወደ ቦታችሁ ትመለሳላችሁ። ይህን የምለው ለሕመሙ ብቻ ብዬ አይደለም። ያልለመደ ጡንቻ በአንድ ቀን በብዙ ዙር፣ በተለይም በሙቀትና ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ ሲቀጠቀጥ፣ የፈረሰው የጡንቻ ክፍል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከእንዲህ ዓይነት ቀን በኋላ ጡንቻው ካበጠና ከተገተረ፣ ሕመሙ ከልምዳችሁ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሽንት እንደ ኮካኮላ ከጠቆረ፣ ነገ ይሻለኛል ሳትሉ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ስንት ዙር እንደሠራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።